አንድ ክፍል፣ ሦስት ዓይነት እሳት

ለ፦ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ለሚያከማቹና ለሚሸጡ ፈቃድ ለምትሰጡ ቢሮዎች
ግልባጭ፦ የመጋዘን ቁልፍ ለያዛችሁ ሁሉ
ጉዳዩ፦ በቁጥጥር ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመርልን ስለመጠየቅ

ለብዙ ዓመታት ቅጻችሁን ይዤ ከመጋዘን መጋዘን ዞሬአለሁ። ቅጹ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ንግድ ፈቃዱ ታድሷል ወይ፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ተወግዷል ወይ፣ የእሳት ማጥፊያው ተሞልቷል ወይ። ሦስቱ ከተሟሉ ፊርማ ይሰፍራል፣ ማኅተም ይመታል። እኔም ፈርሜአለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ቅጹ ስለማይጠይቀው ነገር ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ከምን አጠገብ ተቀምጧል? እሳት ቢነሳስ የሚመጣው ሰው በውሃ ያጥፋው ወይስ ውሃ እንዳያስጠጋ ይከልከል?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ መጋዘን ነው። ስፋቱ 8 ሜትር በ6፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በግራ በኩል የአሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ በእንጨት ፓሌት ላይ እስከ ጣሪያው አፋፍ ድረስ ተደርድሯል። ከጎኑ ዩሪያ አለ። በቀኝ በኩል መደርደሪያ ላይ ጀሪካን የተሞሉ ፈሳሽ ፀረ ተባዮች፣ ከሥራቸው የማንኮዜብ ዱቄትና ጥቂት ከረጢት ድኝ ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ፣ ዝናብ በሚያንጠባጥበው የቆርቆሮ ቀዳዳ ሥር፣ እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ጣሳዎች አሉ። በሩ አጠገብ ደግሞ የውሃ መሳቢያው ሞተር ናፍጣ። ጠባቂው ጠንቃቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ መዝገቡ በመስመር ተጽፏል። ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝና፣

«ማጥፊያው ይኸውልህ ልጄ፤ ባለፈው ወር ነው የተሞላው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማዳበሪያው ላይ እሳት ቢደርስ በዚህ ያጠፉታል?»

«ለዚያ አይደል የተገዛው?»

አይደለም። ለዚያ የተገዛ ቢሆንም ለዚያ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ካልገባን የቀረው ሁሉ አይገባንምና ከእሱ ልጀምር።

እሳት እንዲነድ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን ያስፈልጉታል። አሸዋ ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ እሳትን የሚያጠፋው በአብዛኛው ከአየር ለይቶ በማፈን ነው፤ የዱቄቱ ማጥፊያም ነበልባሉን ይቆርጣል እንጂ ክምሩን አያቀዘቅዝም። አሞኒየም ናይትሬት ግን ራሱ አይነድም፤ ሲሞቅ ኦክስጅኑን ከውስጡ አውጥቶ በአጠገቡ ላለው ለሚነድ ነገር ይመግባል። ፓሌቱን፣ ጆንያውን፣ ናፍጣውን፣ ድኙን ያነደዋል። አየር ብትከለክሉት አየሩን ይዞ መጥቷል። ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ከ200 ዲግሪ በላይ መበስበሱ ይፈጥናል፣ ጋዝም ይተፋል። የቀለጠው ፈስሶ ወደ ፍሳሽ ቦይ ከገባና መተንፈሻ ካጣ፣ ወይም ዘይት፣ ነዳጅ፣ ድኝ ወይም የብረት ብናኝ ከተቀላቀለበት፣ ሊፈነዳ ይችላል። የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውሃ ብቻ ነው፤ ያም ገና ሲጀምር፣ ከሩቅ፣ በር ተከፍቶ።

ቴክሳስ ውስጥ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ በ2013 ሚያዝያ ወር (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 17) የሆነው ይኸው ነው። መጋዘኑ ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ ማዳበሪያው የተከማቸውም በእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ነበር፤ በዚያው ሕንፃ ዘርም ይቀመጥ ነበር። እሳቱ እንደተነገረ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከማዳበሪያው 30 ቶን ያህሉ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳቱን ለማጥፋትና ለመርዳት የሮጡ ነበሩ። በአቅራቢያው የነበሩት የአረጋውያን መኖሪያና ትምህርት ቤት ፈረሱ ወይም ክፉኛ ተጎዱ። የእሳቱ መነሻ ምንም ይሁን፣ ትንሹን እሳት ወደዚያ ያደረሰው ከማዳበሪያው ጋር የተቀመጠው እንጨትና ዘር፣ የሕንፃው አሠራርም ነው። እንዲያ ያለ ሕንፃ ውስጥ ማጥፊያው በየወሩ ቢሞላ ምን ይለውጥ ነበር?

ስለዚህ በዚያ መጋዘን መጀመሪያ ያዘዝኩት ናፍጣው እንዲወጣ ነው። ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከሕንፃው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት ደንብ አሞኒየም ናይትሬትን ከነዳጅ፣ ከአሲድ፣ ከሚነዱ ኬሚካሎችና ከመሰሎቻቸው ለመለየት ወይ ቢያንስ አንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም ግድግዳ፣ ወይ ቢያንስ 9 ሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃል። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያይ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። እዚያ ደንብ ላይ ሌላም አለ፦ ክምሩ ከግድግዳ ቢያንስ 76 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከጣሪያው ወይም ከጣሪያው ማገር 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ብዙ ሰው ይህን ክፍተት የቦታ ብክነት አድርጎ ያየዋል። ክፍተቱ ሙቀት የሚወጣበት፣ ሰው ክምሩን ዞሮ የሚያይበት፣ ውሃ ከሁሉም አቅጣጫ የሚደርስበት መንገድ ነው። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ክምር አምፖል ወይም በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ይነካዋል።

ከዚያ ፓሌቱ። የእንጨት ፓሌት በተቀደደ ጆንያ ሥር ለወራት ሲቆይ ማዳበሪያውን ይጠጣዋል። እንዲህ ያለ እንጨት ተራ እንጨት አይደለም፤ ከደረቀ በኋላ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፣ ሲነድም ይግለበለባል። ጨው የመሰለ ነጭ ነገር የወጣበት ፓሌት ካያችሁ አውጡት፤ ታጥቦ ሊመለስ አይገባውም። ባዶ ጆንያውም እንዲሁ። የፈሰሰ ማዳበሪያ ሲጠረግ ደግሞ ሰጋቱራ አትነስንሱበት፤ ሰጋቱራ ለፈሰሰ ፀረ ተባይ ያገለግላል፣ እዚህ ግን የሚነደውን ነገር በእጃችን ጨመርንበት ማለት ነው። ናፍጣ የነካው ማዳበሪያ ወደ ክምሩ አይመለስ፤ ለብቻው፣ ውጭ፣ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ።

ዩሪያውን በተመለከተ ጠባቂው «እሱም ማዳበሪያ ነው፣ አብረው ቢቀመጡ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩሪያ ኦክስጅን ሰጪ አይደለም፣ ያን ያህልም አያሰጋም፤ በ133 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲጋል አሞኒያና ሌላ የሚቆረቁር ጋዝ ይተፋል። ክፋቱ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ለየብቻቸው ሆነው አሞኒየም ናይትሬት የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ፣ ዩሪያ ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ እስኪደርስ አይረጥቡም። ሲደባለቁ ግን 18 በመቶ እርጥበት ይበቃቸዋል፤ በጣም ደረቅ በሚባል አየር እንኳ እንደ ማር ይዝለገለጋሉ። ከሁለት የተቀደዱ ጆንያዎች የፈሰሰው ወለል ላይ ሲገናኝ ወደ ጭቃነት ይለወጣል፤ ጭቃው ፓሌት ውስጥ ይሠርጋል፣ ወደ ቦዩም ያመራል። ስለዚህ ለዩሪያው ሌላ ጥግ ሰጠነው፤ መጥረጊያና አካፋውም ለየብቻ ሆነ።

ስለ ቅይጥ ማዳበሪያም አንድ ነገር ልበል። ናይትሬትና ክሎራይድ ያለባቸው አንዳንድ ቅይጦች እሳት ሳይታይባቸው እንደ ሲጋራ ከውስጥ ወደ ውስጥ ይጨሳሉ፤ ከጀመሩ በኋላ የሙቀቱ ምንጭ ቢነሳም አይቆሙም። በ2013 ሳኦ ፍራንሲስኮ ዶ ሱል በምትባል የብራዚል ከተማ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን እንዲህ ለቀናት ጨሶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። መነሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ክምር ውስጥ ተቀብሮ የቀረ የእጅ መብራት፣ ክምሩ ላይ የወደቀ የብየዳ ፍንጣሪ። ነበልባል ሳይኖር ጭስ ካያችሁ «አልነደደም» ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ወደ ቀኙ መደርደሪያ። ፈሳሽ ፀረ ተባይ ሲባል ሰው መርዙን ብቻ ያስባል። እሳቱን የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ መርዙ አይደለም፤ መርዙ የተሟሟበት ፈሳሽ ነው። ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ወተት የሚነጣው ዓይነት በአብዛኛው ከነዳጅ በተገኘ ሟሚ ውስጥ የተሟሟ ነው። ስለዚህ ያ መደርደሪያ በእሳት ዓይን ሲታይ የነዳጅ መደርደሪያ ነው፣ ከአሞኒየም ናይትሬቱም ከናፍጣው እኩል መራቅ አለበት። ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ መለያ ወረቀቱ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው፣ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ምልክት ይፈለግ። በውስጡ ነበልባል ብቻ ካለ ዕቃው ተቀጣጣይ ነው። ነበልባሉ ከክብ ቀለበት በላይ ከተሳለ ግን ዕቃው ኦክስጅን ሰጪ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ ተቆጣጣሪዎችም ሲያምታቱ አይቻለሁ። ነበልባል ያለው ዕቃ ቀለበት ካለው ጋር በአንድ ክፍል አያድር። መለያው የተቀደደ ጀሪካን የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና እሱም አይደር።

ማንኮዜቡ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ፀረ ፈንገስ እርጥበት ሲያገኘውና ክምሩ ሲሞቅ ከውስጡ መሞቅ ይጀምራል፤ መርዛማና ተቀጣጣይ ጋዝም ይለቃል። ጆንያው ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ከሌሎቹ ከሞቀ፣ ወይም እንቁላል የበሰበሰበት የመሰለ ሽታ ካለ፣ ሌሎቹን ሳይሆን ያንን ከረጢት ወደ ውጭ፣ ወደ አየር አውጡት። በዚያ መጋዘን ከሥር ያስቀመጡት ከረጢቶች ስለሚከብዱ ነበር። ከላይ ያለው ፈሳሽ ቢፈስ ግን የሚወርደው በዱቄቱ ላይ ነው። ስለዚህ ልማዱ መገልበጥ አለበት፤ ፈሳሽ ከታች፣ ዱቄት ከላይ።

ከሁሉ ያስፈራኝ ጥግ ላይ ያለው ጣሳ ነበር። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ያው ጋዝ ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ያወጣል። አንድ ኪሎ ጣሳ እንውሰድ፤ 333 ክኒን ገደማ ማለት ነው፣ እርጥበት ሁሉንም ቢያገኛቸው ከ330 ግራም በላይ ጋዝ ይወጣል። ይህ በክፍል ሙቀት ከ230 ሊትር በላይ ነው። የዚያ መጋዘን ቁመት 3 ሜትር ቢሆን የአየሩ ይዘት 144 ሜትር ኩብ ነው። ጋዙ እኩል ቢሰራጭ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 1600 እጅ ያህል ይሆናል። ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ የሚባለው ደግሞ 50 እጅ ነው። አንድ ጣሳ ብቻ ይህን ገደብ ከ30 ጊዜ በላይ ያልፋል። በጣሳው አፍ አካባቢ ጋዙ ከመቶ ወደ ሁለት እጅ ሲጠጋ ደግሞ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ሊነድ ይችላል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ ያስጠነቅቅ ይሆናል፣ ግን ሽታ ስለሌለ ጋዝ የለም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር የገባኝ። በዚያች 48 ካሬ ሜትር ክፍል ሦስት የማይስማሙ እሳቶች ተቀምጠዋል። የግራው ክምር ሲነካ «ብዙ ውሃ አምጡ» ይላል። የቀኙ መደርደሪያ «ውሃ አታብዙ፣ ሟሚው በውሃው ላይ ተንሳፎ ይሄዳል፣ መርዙም ወደ ውጭ ይፈሳል፤ አረፋ ወይም ዱቄት አምጡ» ይላል። የጥጉ ጣሳ ደግሞ «ውሃ ጨርሶ አታስጠጉኝ» ይላል። እሳት አጥፊው በሩ ላይ ቆሞ ቱቦውን ይዞ ምን ያድርግ? የቱንም ቢመርጥ ሌላውን ያቀጣጥላል ወይም ያፈሳል። ዕቃ የምንለየው እንዳይቀጣጠል ብቻ አይደለም፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ለሚመጣው ሰው አንድ ትክክለኛ መልስ እንዲኖረው ነው።

የውሃው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነውና ትንሽ ልቆይበት። በ1986 ኖቬምበር 1 ሌሊት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ በሳንዶዝ ኬሚካል ኩባንያ መጋዘን ከ1300 ቶን በላይ ፀረ ተባይና ሌላ ኬሚካል ነደደ። እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ መርዙንና ቀዩን ማቅለሚያ ይዞ ራይን ወንዝ ገባ። ወንዙ ቀላ፣ በመቶ ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ርቀት ዓሣው፣ በተለይ እባብ መሰሉ ዓሣ፣ አለቀ። ወንዙን የመረዘው እሳቱ ራሱ ሳይሆን እሳቱን ያጠፋው ውሃ ነበር፤ መጋዘኑ ያንን ሁሉ ውሃ የሚይዝበት ቦታ አልነበረውም።

ለዚያ መጋዘን ሒሳቡን ሠራሁት። በሩ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ደፍ ቢሠራ ክፍሉ 48 ሲባዛ 0.15፣ ማለትም 7.2 ሜትር ኩብ ይይዛል። ዕቃው የሚይዘውን ቦታ ሳንቀንስ ነው። በደቂቃ 400 ሊትር የሚረጭ አንድ ቱቦ ያንን በ18 ደቂቃ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጠብታ ሁሉ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ደፍ መፍትሔ ሳይሆን 18 ደቂቃ ይገዛል። ሆኖም 18 ደቂቃ ብዙ ነው፤ ቦዩን በአፈር ለመዝጋት፣ ከደፉ ወደ አንድ የተለሰነ ጉድጓድ ለመምራት፣ ሰው ለማራቅ ይበቃል። የፀረ ተባይ ክፍል ከቤት የራቀ ከሆነና ሰው ውስጥ ከሌለ፣ እሳት አጥፊዎች ውሃ ከማፍሰስ ይልቅ እየጠበቁ እንዲነድ መተው የሚመርጡበት ጊዜ አለ። ይህን መምረጥ የሚችሉት ግን እዚያው ክፍል ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት ከሌለ ብቻ ነው።

ስለ ጭሱ ቅጹ አንድ ቃል እንኳ የለውም፤ ሰው ግን በጭሱ ነው በብዛት የሚጎዳው። ከናይትሬት ማዳበሪያ የሚነሳው ጭስ የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ወይም ቀይ ዳማ ከሆነ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አለበት። የዚህ ጋዝ ተንኮል መዘግየቱ ነው። የተነፈሰው ሰው ጉሮሮውን ትንሽ ይከረክረዋል፣ ያስለዋል፣ ከዚያ ይሻለዋል። እጁን ታጥቦ፣ ተመስገን ብሎ ቤቱ ይገባል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እሳት ያጠፋውን ሰው «አልታመመም» ብሎ ማሰናበት ትልቁ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቡናማውን ጭስ የተነፈሰ ሁሉ፣ ባያስለውም፣ ሥራ ሳይሠራ አርፎ በሐኪም ክትትል ሥር ይቆይ፤ ለሐኪሙም «የናይትሬት ጭስ ተንፍሷል» ይባልለት፤ ቃሉ ካልተነገረ ሐኪሙ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

ከፀረ ተባይ ጭስ የሚመጣው መልኩ ሌላ ነው። በተለይ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ወገኖች የነኩት ሰው የዓይኑ ብሌን ትንሽ ነጥብ ይሆናል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ያልበዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። መርዙ በቆዳም ይገባል፤ ልብሱን አውልቆ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ከሁሉ ይቀድማል። የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያድርግ። የዕቃው መለያ ወረቀት ፎቶ ከታማሚው ጋር ይሂድ፤ የትኛው መርዝ እንደሆነ ካልታወቀ ሕክምናው በግምት ይሆናል።

ያ መጋዘን እንዴት ሆነ? ናፍጣው በአንድ ቀን ወጣ። ክኒኖቹ ከሕንፃው ተለይታ ጣሪያዋ በማይፈስ፣ አየር በምታስገባ፣ መቆለፊያ ባላት ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብለው ተቀመጡ። ለሳጥኗም ከሰው መኖሪያ የራቀ ቦታ ተመረጠላት። ፈሳሾቹና ዱቄቶቹ ደፍ ወደተሠራለት ሁለተኛ ክፍል ሄዱ። ከባዱ አሞኒየም ናይትሬቱ ነበር። ለሱ የሚሆን ሌላ ሕንፃ አልነበረም፣ ግድግዳ ለመሥራትም ገንዘብ አልነበረም። ያን ጊዜ ለጠባቂው ያልኩትን ለእናንተም እላለሁ፦ የሚቀመጥበት ቦታ የሌለው ዕቃ አይገዛ። ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ሁሉንም ልያዝ ካለ ፈቃዱ በዓይነት ይሁን፣ ዩሪያ ብቻ፣ ወይም ፀረ ተባይ ብቻ። ይህ ገቢውን እንደሚቀንስበት አውቃለሁ፤ ተጨንቄም አስቤበታለሁ። ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም።

ገበሬውንም አልረሳሁም። ያለው አምስትና ስድስት ጆንያ ቢሆንም ጉዳዩ ያው ነው፣ ልኩ ብቻ ነው የሚያንሰው። የትራክተሩ ጋራዥ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው፤ ዘይት፣ ነዳጅ፣ የሚሞቅ ጭስ ማውጫና ብየዳ አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። ገለባና ድርቆሽ ያለበትም ቤት አይሆንም። ክኒን በምንም ምክንያት ሰው ከሚተኛበት ቤት፣ ከሥሩም ከጎኑም፣ አይቀመጥ፤ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጣሳ ሌሊት እርጥበት ቢያገኘው ተኝቶ ያለው ሰው አይነቃም። ማዳበሪያውን ደግሞ ለሚያስፈልገው ወቅት ብቻ፣ የሚዘራበት ቀን ሲቃረብ መግዛት የማከማቻን ጣጣ ያቀልላል።

ከእናንተ የምለምነው እንግዲህ ይህ ነው። ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በዚህ ክፍል እሳት ቢነሳ፦ ብዙ ውሃ / ያለ ውሃ / በአረፋ ወይም በዱቄት።» ተቆጣጣሪው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያክብብ። ሁለት ማክበብ ካስፈለገው ክፍሉ በአግባቡ አልተለየምና አይፈርም። ማጥፊያው ተሞልቷል ወይ የሚለውንም አታንሱት፤ ማጥፊያው እሳቱ ማዳበሪያው ጋ ሳይደርስ፣ ገና ሽቦና ወረቀት ላይ ሳለ፣ ይሠራል። ከደረሰ በኋላ ግን ጠባቂው ጥሎት ከነፋሱ አቅጣጫ በተቃራኒ እንዲወጣ ቅጹ ራሱ ይንገረው።

ሁለተኛው አንድ ወረቀት ነው። የመጋዘኑ ንድፍ በእጅ ይሣል፤ የትኛው ክፍል ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለ፣ ቦዩ ወዴት እንደሚፈስ፣ የኤሌክትሪክ ማጥፊያው የት እንዳለ ይጻፍበት። አንዱ ቅጂ ከመጋዘኑ ውጭ፣ በአጥሩ በር ላይ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ይሰቀል። ሌላው ለእሳት አደጋ ጣቢያው ይሰጥ። ክምችቱ በተቀየረ ቁጥር ይቀየር፤ ቀኑ ያለፈ ንድፍ ሰውን ወደ ተሳሳተ በር ስለሚመራ ከአለመኖሩም ይብሳል። ዌስት ላይ የተሠማሩት እሳት አጥፊዎች ስለ ማዳበሪያው አደጋ በቂ መረጃም ሥልጠናም እንዳልነበራቸው ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ ገልጿል።

ለዚያ መጋዘን ንድፉን ከጠባቂው ጋር ቁጭ ብለን ሣልነው፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም። «ብዙ ውሃ» የሚለውን በግራው በር ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ «ውሃ ክልክል» የሚለውን በክኒኑ ሳጥን ላይ በቀይ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቅጹ ላይ ግን ይህን የምጽፍበት ቦታ ስላጣሁ ከማጥፊያው ጥያቄ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ጻፍኩት። ያቺን የእርሳስ ጽሑፍ በታተመ መስመር እንድትተኩልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመጋዘን ተቆጣጣሪ